ሻ/ል፣ ሻ/ቃ፣ ኮ/ል፦ የማዕረግ ምህጻረ ቃል እንዴት ይነበባል?

(ሐዋሳ ውስጥ ለጽሕፈት ሠራተኞች፣ ለመድረክ አስተዋዋቂዎችና ለጀማሪ ዘጋቢዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ጭረት ነው። እዝባር እንላታለን። ሻለቃን ሻ/ቃ፣ ኮሎኔልን ኮ/ል ብለን ስናሳጥር መሃል ላይ ጋደም የምትለዋ ናት። ይህቺ ጭረት የቃሉን ሆድ ታወጣና ራሱንና ጅራቱን ብቻ ትተውልናለች። አብዛኞቻችን ደግሞ የምናነበው ራሱን ነው። ስህተቱ የሚፈጠረውም እዚያ ላይ ነው።

ምሳሌውን ከዚሁ ከከተማችን ልውሰድ። ሐይቁ ዳር ያለውን የኃይሌን ሪዞርት የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላስብም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በማዕረግ ስሙ ሲጠራ ሻለቃ ኃይሌ ነው። አበበ ቢቂላ ደግሞ ሻምበል አበበ ነው። ሁለቱንም አሳጥራችሁ ጻፉ። አንዱ ሻ/ቃ፣ ሌላው ሻ/ል ይሆናል። የመጀመሪያው ፊደል አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከእዝባሩ ወዲያ ነው። «ቃ» ከሆነ ሻለቃ፣ «ል» ከሆነ ሻምበል። ሻለቃ ከሻምበል አንድ ደረጃ ይበልጣል። አንድ ጸሐፊ «ሻ.» ብሎ ነጥብ አድርጎ ቢተወው ሰውየው የትኛው እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አይቻልም።

በእንግሊዝኛ የለመዳችሁትን አሠራር ለጊዜው እርሱት። የእኛ አጻጻፍ ጫፍና ጫፉን ይይዛል። ስለዚህ የማዕረግ ምህጻር ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ፊደል ይሂድ።

አሁን የመከላከያውን መሰላል ከታች ወደ ላይ እንውጣ። የታችኛው ክፍል ቀላል ነው፤ ቁጥር ስላለው ራሱ ይናገራል። ከወታደር ተነስተን 10 አለቃ፣ ከዚያ 50 አለቃ እንላለን። ም/10 አለቃ የሚል ካያችሁ ምክትል አስር አለቃ ነው፤ ከአስር አለቃ በታች ይቆማል። ከ50 አለቃ በላይ ባሻዎቹ ይመጣሉ፤ ሻምበል ባሻና ሻለቃ ባሻ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ሻ/ባሻ» ተብሎ ሲጻፍ የትኛው ባሻ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁለቱም በሻ ይጀምራሉና። ሌላው ወጥመድ ይበልጥ ከባድ ነው። ሻለቃ ባሻ የተባለን ሰው ቸኩሎ «ሻለቃ» ብሎ የሚጠራ አስተዋዋቂ አለ። ባሻ የመኮንን ማዕረግ አይደለም። የባለሌላ ማዕረግተኞች ጫፍ ነው። «ባሻ» የምትለዋን ቃል ስትጥሉ ሰውየውን ብዙ ደረጃ ዘልላችሁ ከፍተኛ መኮንን አደረጋችሁት ማለት ነው።

ከባሻዎቹ በላይ የመኮንኖቹ ደረጃ ይጀምራል። ም/መ/አ ምክትል መቶ አለቃ ነው። መ/አ መቶ አለቃ ነው። ቀጥሎ ሻ/ል። እነዚህን ሦስቱን መስመራዊ መኮንኖች እንላቸዋለን። ከዚያ ሻ/ቃ፣ ሌ/ኮ እና ኮ/ል ይመጣሉ፤ እነሱ ከፍተኛ መኮንኖች ናቸው። ከኮሎኔል በላይ ያሉት ሁሉ ጄኔራል መኮንኖች ይባላሉ። እነዚህን ሦስት ስሞች ያዙልኝ። በዜና ላይ «ከፍተኛ መኮንኖችና ጄኔራል መኮንኖች ተገኝተዋል» ሲባል ስለ ሁለት የተለያዩ እርከኖች እየተነገረ ነው።

ጄኔራሎቹ ጋ ሰው ሁሉ የሚደናገርበት ቦታ አለ። ቅደም ተከተሉ ብ/ጄ፣ ሜ/ጄ፣ ሌ/ጄ፣ ከዚያ ጄ/ል ነው። ብርጋዴር፣ ሜጀር፣ ሌተና፣ ከዚያም ምንም ቅጥያ የሌለው ሙሉ ጄኔራል። ብዙ ሰው ሜጀር ከሌተና የሚበልጥ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ ሜጀር የሚባለው ማዕረግ የእኛ ሻለቃ፣ ሌተናንት የሚባለው የእኛ መቶ አለቃ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጄኔራሎቹንም በዚያው ልክ ይደረድራቸዋል። ግን አይደለም።

ምክንያቱ ከአውሮፓ ጦር ታሪክ የመጣ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድን ጦር ጄኔራሉ ያዝዛል፣ ሌተና ጄኔራሉ የእሱ ምክትል ነው፣ ሦስተኛው ሰው ደግሞ ሳጅን ሜጀር ጄኔራል ይባል ነበር። በጊዜ ብዛት «ሳጅን» የሚለው ተጣለና ሜጀር ጄኔራል ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሜጀሩ ከሌተናው በታች የቆመው ከጥንቱ ነው።

ለማስታወስ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። ሌተና ያለበትን ማዕረግ ስታዩ ከኋላው ያለውን ቃል ብቻ ያዙና አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። ሌ/ኮ ከኮ/ል አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ሌ/ጄ ከጄ/ል አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። በሁለቱም ቦታ ይሠራል።

ከሙሉ ጄኔራል በላይ ፊልድ ማርሻል አለ። ይህን ማዕረግ ማሳጠር አያስፈልግም። ብርሃኑ ጁላ በታህሳስ 2014 ከጄኔራልነት ወደ ፊልድ ማርሻልነት ሲያድጉ ሰምታችኋል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የማዕረግ ዕድገት ዜና ለዘጋቢ ጥሩ ማመሳከሪያ ነው። «ከብርጋዴር ጄኔራልነት ወደ ሜጀር ጄኔራልነት» ሲል ዓረፍተ ነገሩ ራሱ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ይነግራችኋል። ሕገ መንግሥቱ ከፍተኛ የውትድርና ማዕረጎችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ እንደሚሰጡ ስለሚደነግግ ዜናው በይፋ ይወጣል፤ ማዕረጎቹም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታጠሩ ይጻፋሉ።

የአጻጻፍ ልዩነት አያስደንግጣችሁ። ጄ/ል፣ ጀ/ል፣ ጄኔራል፣ ጀነራል፣ ሁሉም አንድ ነው። ሌ/ኮ፣ ሌ/ኮ/ል፣ ሌ/ኮሎኔልም አንድ ነው። የሚያስደነግጠው ከፊት ያለችው ፊደል ስትጠፋ ነው። ሌ/ኮ/ል የሚለውን ስትገለብጡ «ሌ» ከቀረች ኮ/ል ሆነ። ሰውየውን ያለ ማንም ፈቃድ አሳደጋችሁት።

በንግግር ላይ ሌላ ልማድ አለ። ሌተና ኮሎኔሉንም ኮሎኔሉንም ፊት ለፊት «ኮሎኔል» እንላቸዋለን። ብርጋዴሩንም «ጄኔራል» እንለዋለን። ይህ ያለ የነበረ አክብሮት ነው፣ ስህተት አይደለም። ጽሑፍ ላይ ግን አይሠራም። የምስክር ወረቀት፣ የጥሪ ካርድ፣ ቃለ ጉባኤ ሙሉውን ማዕረግ ይፈልጋል።

የድሮ ጋዜጣ የምታገላብጡ ካላችሁ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያችኋል። ደርግን በሊቀመንበርነት የመሩትን ሦስት ሰዎች ውሰዱ። አማን አንዶም ሌ/ጄ ናቸው። ተፈሪ በንቲ ብ/ጄ ናቸው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሻ/ቃ ነበሩ፤ በ1969 ሌ/ኮ ሆኑ። ሕዝቡ «ኮሎኔል መንግሥቱ» ሲል ኖሯል፤ ጽሑፉ ግን ሌ/ኮ ይላል። በማዕረግ ከላይ ወደ ታች ብንደረድራቸው ሌ/ጄ፣ ብ/ጄ፣ ሌ/ኮ ይሆናል። በሥልጣን ግን ከጥር 1969 ጀምሮ አንድ ሌተና ኮሎኔል በጄኔራሎች ላይ አዛዥ ነበር። ማዕረግና ሹመት ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም። ምህጻሩ የሚነግራችሁ ማዕረጉን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፖሊስ እንሻገር። እውነቱን ለመናገር ዛሬ የመጣሁት በዋናነት ለዚህ ክፍል ነው። እናንተ በየቀኑ የምታገኙት ፖሊስን ነው፤ በጣም የሚያደናግረውም የፖሊሱ ምህጻር ነው።

የፌዴራል ፖሊስ መሰላል ቤተሰብ ቤተሰብ ሆኖ የተሠራ ነው። ከታች ኮንስታብል አለ። ከዚያ የሳጅኖች ቤተሰብ፣ ከዚያ የኢንስፔክተሮች፣ ከዚያ የኮማንደሮች፣ በመጨረሻ የኮሚሽነሮች። በየቤተሰቡ ውስጥ ደረጃውን የሚለዩት ከፊት የሚመጡት ቃላት ናቸው። ረዳት ከሁሉ ያንሳል። ምክትል ይከተላል። ከዚያ ምንም ሳይጨመርበት ስሙ ብቻ ይመጣል። ከላይ ዋና ይቆማል።

ስለዚህ ሳጅኖቹን ረዳት ሳጅን፣ ምክትል ሳጅን፣ ሳጅን፣ ዋና ሳጅን ብላችሁ ትወጣላችሁ። ኢንስፔክተሮቹም በዚያው መልክ ናቸው፤ ረዳት፣ ምክትል፣ ኢንስፔክተር፣ ዋና። ኮማንደሮቹ ጋ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ምክትል ኮማንደርና ኮማንደር። ረዳት ኮማንደር የለም፣ ዋና ኮማንደርም የለም። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ኮሚሽነሮቹ ጋ ረዳት፣ ምክትል፣ ኮሚሽነር ይባላል። ከእነሱ በላይ ምክትል ኮሚሽነር ጄኔራልና ኮሚሽነር ጄኔራል አሉ።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡን ተመልከቱ፣ ቅጥያውን ቀጥሎ። ዋ/ሳ እና ረ/ኢ የሚሉ ሁለት ምህጻሮች ብታዩ «ዋና» የሚለው ትልቅ፣ «ረዳት» የሚለው ትንሽ ይመስላል። ግን ዋና ሳጅን ከረዳት ኢንስፔክተር በታች ነው። ሳጅን የቱንም ያህል ዋና ቢሆን የኢንስፔክተሮችን ቤት ገና አልረገጠም። ረዳት ኮሚሽነርም እንዲሁ ነው። ረዳት ስለተባለ ከኮማንደር ያንሳል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ይበልጠዋል።

እስከዚህ ድረስ ግልጽ ከሆነ ወደ ጭረቷ ልመለስ።

ኮሎኔልን ኮ/ል እንላለን። ኮንስታብልስ? በኮ ይጀምራል፣ በል ያልቃል። እሱም ኮ/ል ሊባል ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዱ በመከላከያ የከፍተኛ መኮንኖች ጫፍ ነው፣ ሌላው የፖሊስ የመጀመሪያው እርከን ነው። ወረቀት ላይ ግን መንታ ናቸው። ጠንቃቃ ጸሐፊዎች ኮንስታብልን ኮ/ብል ወይም ኮን/ል ብለው ይጽፋሉ። የማይጠነቀቁም አሉ።

ቀጥሎ ኮማንደርና ኮሚሽነር። ሁለቱም በኮ ጀምረው በር ያልቃሉ። ኮ/ር ሲባል አብዛኛው ሰው ኮማንደር ብሎ ነው የሚያነበው፤ ኮሚሽነርን ደግሞ ሙሉውን ይጽፈዋል። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሁልጊዜ አትተማመኑበት።

ከሁሉም የከፋው ም/ኮ ነው። ምክትል ኮማንደርም ም/ኮ ነው፣ ምክትል ኮሚሽነርም ም/ኮ ነው። በመሃላቸው ኮማንደርና ረዳት ኮሚሽነር አሉ። ስለዚህ በስህተት ካነበባችሁት ሰውየውን ሦስት ደረጃ ታወጡታላችሁ ወይም ታወርዱታላችሁ። ረ/ኮ ግን አያስቸግርም። ረዳት ኮማንደር የሚባል ስለሌለ ረ/ኮ ረዳት ኮሚሽነር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቅድም ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መሰላሉን በደንብ ካወቃችሁ አንዳንዱ ምህጻር ራሱን ይፈታል።

እዚህ ላይ አንዲት እህት እጇን አውጥታ «ኢ/ር ኢንጂነርም አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነው። ኢንስፔክተርም ኢንጂነርም ኢ/ር ተብለው ይጻፋሉ። እሷ የምትሠራበት ቢሮ ሁለቱንም ዓይነት እንግዳ ስለሚቀበል ጥያቄው ከኑሮ የመጣ ነው። መልሱ ከስሙ በፊት ወይም በኋላ ያለውን መሥሪያ ቤት ማየት ነው። የፖሊስ ጣቢያ፣ መምሪያ ወይም ኮሚሽን ካለ ኢንስፔክተር ነው። መንገድ፣ ውኃ፣ ግንባታ ካለ ኢንጂነር ነው። ቅጥያ ካለው ደግሞ ነገሩ አለቀ። ረ/ኢ ወይም ዋ/ኢ ከተባለ ፖሊስ ነው።

ስለ ምክትል አንድ ነገር ልጨምር። ምክትል አንዳንዴ የማዕረጉ፣ አንዳንዴ የሹመቱ ነው። «የፖሊስ ጣቢያው ምክትል ኃላፊ ኢንስፔክተር እገሌ» ሲባል ሰውየው ምክትል ኢንስፔክተር አይደለም። ምክትልነቱ የኃላፊነቱ ነው፤ ማዕረጉ ሙሉ ኢንስፔክተር ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ሹመቱ፣ ቀጥሎ ማዕረጉ፣ በመጨረሻ ስሙ ይመጣል። ማዕረጉ ከስሙ ጋር ተጣብቆ የሚቆመው ነው። ይህን ሲያሳጥሩ «ም/ኃላፊ ኢ/ር» ቢሉ ጥሩ ነው። «ም/ኢ/ር» ብለው ካዋሃዱት ግን የሰውየውን ማዕረግ አወረዱት።

ኮሚሽነር የሚለውም እንደዚሁ ነው። ፖሊስ ውስጥ ማዕረግ ነው። ከፖሊስ ውጭ ግን የማንኛውም ኮሚሽን የበላይ ኃላፊ በሹመቱ ኮሚሽነር ይባላል። የጉምሩክ ኮሚሽን ኮሚሽነር ማዕረግተኛ መሆን አይጠበቅበትም። ስለዚህ ኮሚሽነር የሚል ስታዩ «የምን ኮሚሽነር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኮማንደርም በባሕር ኃይል ውስጥ ማዕረግ ሆኖ ያገለግላል፤ ሐዋሳ ላይ ግን ኮማንደር ከተባለ በአብዛኛው ፖሊስ ነው።

አሁን ወረቀቱን ላሳያችሁ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት የመለማመጃ የጥሪ ዝርዝር ነው። ስም አላስገባሁበትም፤ ምህጻሩና የሥራ ቦታው ብቻ ነው ያለው። እንግዶቹ በዚህ ቅደም ተከተል ተመዝግበዋል፦ ም/ኮ ከትራፊክ ክፍል፣ ሻ/ቃ ከመከላከያ፣ ኮ/ል ከፖሊስ ጣቢያ ጥበቃ፣ ዋ/ሳ ከዚያው ጣቢያ፣ ሌ/ኮ ከመከላከያ፣ ኢ/ር ከማዘጋጃ ቤት መንገድ ሥራ፣ ረ/ኢ ከወንጀል ምርመራ፣ መ/አ ከመከላከያ። ሥራችን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው መደርደር ነው።

መጀመሪያ ተቋም እንለይ። ሻ/ቃ፣ ሌ/ኮ እና መ/አ የመከላከያ ናቸው። ኢ/ር ከማዘጋጃ ቤት ስለመጣ ኢንጂነር ነው፤ ከማዕረግ ዝርዝሩ አውጥተን ከሲቪል እንግዶች ጋር እናስቀምጠዋለን። የቀሩት አራቱ ፖሊስ ናቸው።

የመከላከያዎቹ ወዲያው ያልቃሉ። መቶ አለቃ፣ ሻለቃ፣ ሌተና ኮሎኔል።

ፖሊሶቹ ጋ «ኮ/ል» አለ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ጥበቃ ላይ። ዛሬ በፖሊስ መሰላል ላይ ኮሎኔል የሚባል ማዕረግ የለም። ስለዚህ ኮንስታብል ነው፤ ከታች ይቀመጣል። ቀጥሎ ዋና ሳጅን፣ ቀጥሎ ረዳት ኢንስፔክተር። ቅድም ያልነውን አስታውሱ፤ ቤተሰብ ከቅጥያ ይቀድማል። ም/ኮ ከእነዚህ ሁሉ በላይ እንደሆነ እርግጠኛ ነን፤ ኮማንደርም ይሁን ኮሚሽነር ከረዳት ኢንስፔክተር ይበልጣል። ስለዚህ ለቅደም ተከተሉ ችግር የለም።

ለስም ካርዱ ግን ችግር አለ። ካርዱ ላይ ምን ብለን እንጻፍ? ከትራፊክ ክፍል የሚለው አይረዳንም። ከወረቀቱ የሚወጣ መልስ የለም። እዚህ ላይ መገመት ክልክል ነው። ስልክ አንስቶ ወደ ክፍሉ ጸሐፊ መደወልና «የኃላፊው ሙሉ ማዕረግ ምንድን ነው? ለካርድ ነው» ማለት ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማዕረግ ሲጠየቅ ቅር የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። ሰው ቅር የሚለው ማዕረጉ ሲሳሳት ነው።

አንድ ወጣት «የመከላከያውንና የፖሊሱን በአንድ መስመር መደርደር ከፈለግኩስ? ኮማንደር ከየትኛው ጋር እኩል ነው?» አለ። እኔ አልደረድራቸውም። ሁለቱ የየራሳቸው መሰላል አላቸው፤ ደረጃዎቹም አንድ ለአንድ አይገጥሙም። መከላከያው ሁለት መቶ አለቃ ባለበት ፖሊሱ አራት ኢንስፔክተር አለው። ስለዚህ በየተቋማቸው ለየብቻ ደርድሯቸው። መድረክ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ካለ በሹመት ሂዱ፤ አዛዥ ከአዛዥ፣ የክፍል ኃላፊ ከክፍል ኃላፊ ጋር።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተነስተው አስፈላጊ ነገር አነሱ። «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ፖሊስም ሻምበል ነበረው፣ ኮሎኔልም ነበረው» አሉ። ልክ ነዎት፣ ጋሼ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ፖሊስ የሚጠራው በጦሩ ማዕረግ ነበር። በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ስማቸው የሚነሳው የፖሊስ አዛዥ ጽጌ ዲቡ ብርጋዴር ጄኔራል ነበሩ። ስለዚህ ቅድም «በፖሊስ ኮሎኔል የለም» ያልኩት የዛሬን ወረቀት ለሚያነብ ነው። የድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ወይም የርስት ክርክር ፋይል የምታነቡ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ መ/አ ወይም ሻ/ል ብታገኙ አትደናገጡ። መዝገቡ ትክክል ነው። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ፣ ከዚያ ማዕረጉን አንብቡ።

ሌላ የሚያሳስት ነገር፣ ሻምበልና ሻለቃ የሰው ማዕረግ ብቻ ሳይሆኑ የጦር ክፍልም ስም ናቸው። «የ3ኛ ሻለቃ አዛዥ ሌ/ኮ እገሌ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ማዕረግ የያዘ ይመስላል። ሻለቃው ክፍሉ ነው፤ ሰውየው ሌተና ኮሎኔል ነው። ቁጥር ከፊቱ ካለ፣ ወይም ከኋላው «አዛዥ» ከተከተለ የክፍል ስም ነው። ክፍሉን ሲሆን አታሳጥሩት። «3ኛ ሻ/ቃ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ሦስተኛው ሰውዬ የት አለ ብሎ ይፈልጋል።

ለመድረክ አስተዋዋቂዎች ደግሞ አጭር ነገር ልበል። ምህጻር ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አይደለም። ማይክ ይዛችሁ «ም/መ/አ» የሚል ካገኛችሁ ምክትል መቶ አለቃ ብላችሁ አውጡት። ወረቀቱ ከመድረክ በፊት በእጃችሁ ከገባ በእያንዳንዱ ምህጻር አናት ላይ ሙሉውን በእስክሪብቶ ጻፉበት። መጻፍ ያቃታችሁ ምህጻር መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ለጽሕፈት ሠራተኞች የምለው የመጨረሻው ነገር ስለ ኤክሴል ነው። ብዙዎቻችሁ የሠራተኛ ወይም የእንግዳ ዝርዝር የምትይዙት በእሱ ነው። የማዕረግ ዓምዱን መርጣችሁ «ደርድር» ስትሉት በፊደል ተራ ይደረድረዋል። በፊደል ተራ «ለ» ከ«መ»፣ «መ» ከ«ሸ»፣ «ሸ» ከ«ከ» ይቀድማል። ስለዚህ ሌ/ኮ አናት ላይ ይወጣል። መ/አ ይከተላል። ከዚያ ሻ/ል፣ ሻ/ቃ፣ በመጨረሻ ኮ/ል። ሌተና ኮሎኔሉ መጀመሪያ፣ ኮሎኔሉ መጨረሻ፣ መቶ አለቃው ከሻለቃው ቀድሞ። ዝርዝሩ የተስተካከለ ይመስላል፤ ማዕረጉ ግን ተደበላልቋል።

መፍትሔው ከማዕረጉ ጎን አንድ የቁጥር ዓምድ መክፈት ነው። ለፖሊስ ኮንስታብልን 1 በሉ። ሳጅኖቹ ከ2 እስከ 5፣ ኢንስፔክተሮቹ ከ6 እስከ 9፣ ምክትል ኮማንደር 10፣ ኮማንደር 11፣ ረዳት ኮሚሽነር 12፣ ምክትል ኮሚሽነር 13፣ ኮሚሽነር 14 ይሆናሉ። ሁለቱ ጄኔራሎች 15 እና 16። ለመከላከያው መኮንኖች ለብቻቸው ምክትል መቶ አለቃን 1 ብላችሁ ጀምሩ፤ ኮሎኔል 6፣ ሙሉ ጄኔራል 10 ላይ ይደርሳል። ከዚያ በቁጥሩ ደርድሩ፣ ሲታተም የቁጥሩን ዓምድ ደብቁት።

ይህ ዓምድ ሌላም ጥቅም አለው። ቁጥር ለመስጠት ስትሉ ም/ኮ ላይ ትቆማላችሁ፤ 10 ነው ወይስ 13? ኮ/ር ላይም ትቆማላችሁ፤ 11 ነው ወይስ 14? ያኔ ነው ስልኩን የምታነሱት። መልሱን ስታገኙ ቁጥሩን ብቻ ሞልታችሁ አትለፉ፤ ምህጻሩንም እዚያው አስፍታችሁ ም/ኮማንደር ወይም ም/ኮሚሽነር ብላችሁ አስተካክሉት።